የሥራ ርክክብ ማስታወሻ

ቀን፦ ጥር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለ፦ ሽያጭ ሒሳብ ሠራተኛ
ከ፦ ደመወዝ ሠራተኛና ገንዘብ ያዥ
ግልባጭ፦ ለሥራ አስኪያጅ

እህቴ፣ ከሰኞ ጥር 18 ጀምሮ የወሊድ ፈቃዴን ካጠራቀምኩት የዓመት ዕረፍት ጋር አያይዤ እወጣለሁ። የምመለሰው ሰኞ ሐምሌ 6 ነው። የራስሽም ሥራ ስላለ ሁሉን እኩል ልያዝ ብትዪ አይሆንልሽም። ሌላው ቢዘገይ ግድ የለም፤ ደመወዝና ግብር ግን አይዘግዩ።

ደመወዝ የሚከፈለው በየወሩ በ27 ነው። የ34ቱን ሠራተኞች የሰዓት መቆጣጠሪያ እስከ 20 ድረስ ከማተሚያ ክፍል ኃላፊው ተረከቢ። ፊርማ የሌለበትን የትርፍ ሰዓት ወረቀት አትቀበዪ፤ «በኋላ ይፈረማል» የተባለ ወረቀት ተፈርሞ አይቼ አላውቅም። ጡረታው ከሠራተኛው 7፣ ከድርጅቱ 11 በመቶ ነው። ጡረታውና የሥራ ግብሩ ወሩ ባለቀ በ30 ቀን ውስጥ ገቢ ይሆናሉ፤ እኛ ግን በ15 እንጨርሳለን።

ፋሲካ ሚያዝያ 4 ይውላል። የመጋቢት ደመወዝ በወጣ በሳምንቱ ማለት ስለሆነ ብድር ጠያቂው ይበዛብሻል፤ ፊታቸውን አይተሽ እንዳታዝኚ። በጽሑፍ ለጠየቀና ሥራ አስኪያጁ ለፈረሙለት ብቻ ስጪ፤ ተቀናሹም ከወር ደመወዙ ሲሶ አይበልጥ።

የሽያጭ ማሽኑን ዜድ ሪፖርት ማታ ማታ አውጪና በዕለቱ ፎቶ ኮፒ አድርጊው። አምና መስኮት ሥር ያስቀመጥኳቸው የሦስት ወር ወረቀቶች ፀሐይ ቀለማቸውን በልቶት ነጭ ሆነው ነው ያገኘኋቸው።

ለጥቃቅን ወጪ የተመደበው 15,000 ብር ነው። ዛሬ አብረን ስንቆጥር 9,340 ብር በጥሬ፣ 5,660 ብር በደረሰኝ ተገኝቷል። የካዝናው ቁልፍ በሩን ትንሽ ከፍ ካላደረጉት አይዞርም፤ በጉልበት አትሞክሪው፣ ሌላ ቁልፍ የለንም።

ለወረቀት አቅራቢው ቀሪ 86,500 ብር የካቲት 10 ይከፈላል፤ ቼኩ ሁለት ፊርማ ይፈልጋል። የሰኔ 30ን የዕቃ ቆጠራ ብቻሽን አትግቢበት፤ የመጋዘን ኃላፊው ከጎንሽ ቆሞ እያንዳንዱን ገጽ ይፈርም።

እስክወልድ ድረስ በስልክ መልእክት ጻፊልኝ፤ ማታ እመልሳለሁ። ከወለድኩ በኋላ እስከ ክርስትናው ድረስ አትደውዪ። ባንክ ቼክ ከመለሰ ወይም ከግብር ቢሮ ደብዳቤ ከመጣ በቅድሚያ ለሥራ አስኪያጁ ንገሪ፤ እኔ የግድ ካስፈለግኩ በባለቤቴ ስልክ አግኚኝ። የይለፍ ቃሌን ለማንም አልሰጥም፤ ላንቺ የራስሽ መግቢያ ተከፍቶልሻል።

ገንፎ ልትበዪ ስትመጪ ፋይል ይዘሽ እንዳትመጪ፤ እናቴ በር ላይ ትቀማሻለች።

አባሪ፦ በሁለታችንም የተፈረመ የካዝና ቆጠራ፣ 1 ገጽ