ጥርስ ከተነቀለ በኋላ፦ ቤት ሲደርሱ የሚነበብ
የጥርስ ሕክምና ክፍል፣ ሐዋሳ

አፍዎ ደንዝዞ፣ ጎዝ ነክሰው የነገርንዎት ሁሉ ላይያዝልዎት ይችላል። ስለዚህ ይህን ወረቀት ቤት ገብተው ያንብቡት ወይም ያስነብቡት።

ጥርሱ በነበረበት ጉድጓድ ውስጥ ደም ይረጋል። የረጋው ደም ቆሻሻ አይደለም፤ አጥንቱንና ነርቩን የሚሸፍን የቁስሉ ክዳን ነው። ከዚህ በታች የምንከለክልዎት አብዛኛው ነገር ይህ ክዳን እንዳይነሳ ነው።

ዛሬ

ጎዙን ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ጠበቅ አድርገው ይንከሱ። ቆመ አልቆመም እያሉ በየአምስት ደቂቃው አያውጡት፤ ባወጡት ቁጥር ይደማል። ምራቅዎን ይዋጡ እንጂ አይትፉ። ትንሽ ደም ከምራቅ ጋር ሲቀላቀል አፍ ሙሉ ደም ይመስላል፣ አይደንግጡ። ማታም ትራሱ ላይ ቀላ ያለ ምራቅ ሊታይ ይችላል፤ አሮጌ ፎጣ ያንጥፉበት፣ ትራሱንም ከፍ ያድርጉት።

እንደገና ከደማ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ ንጹሕ ጎዝ አጥፈው ጉድጓዱ ላይ ያድርጉና 30 ደቂቃ ይንከሱ። ጎዝ ከሌለ ክር ያለውን የከረጢት ሻይ በፈላ ውኃ ነክረው፣ ሲበርድ ጨምቀው ይንከሱት፤ ሻይ ደም ለማርጋት ያግዛል።

ድንዛዜው ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይቆያል። እስኪለቅ ምንም አይብሉ፣ በተለይ ልጆችን ይጠብቁ፤ ከንፈራቸውን እየነከሱ ይጫወቱና ማታ አብጦ ያገኙታል።

እስከ ነገ በዚህ ሰዓት አይጉመጥመጡ። ትኩስ ቡና፣ ትኩስ ሾርባና አልኮል ይቅሩ። አቮካዶ ጁስ ጥሩ ምግብ ነው፣ ግን በማንኪያ፤ በስትሮ መምጠጥ የረጋውን ደም ይነቅለዋል። ሲጋራና ሺሻም እንዲሁ፣ ጭሱ ደግሞ ቁስሉ ቶሎ እንዳይድን ያደርጋል። ቢያንስ ሦስት ቀን ይታገሡ፤ ሳምንት ቢሆን ይሻላል። ጫት የሚቅሙ ከሆነ ሳምንቱን ይተዉት፤ በሌላው ጉንጭ ቢይዙትም ቅጠሉ ጉድጓዱን አያጣውም።

ጎረቤት ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ ቅርንፉድ ወይም አረቄ ቢመክርዎት አመስግነው ይተዉት። ጉድጓዱ ውስጥ ምንም አይጨመርም። ምላስዎንም ያሳርፉ፤ እሱ ነው ከሁሉ የሚያስቸግረው።

በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው ጉንጭዎ ላይ 15 ደቂቃ ይያዙ፣ 15 ደቂቃ ያሳርፉ። እብጠቱ እስከ ሦስተኛው ቀን ቢጨምር ያለ ነው፣ ከዚያ መጉደል አለበት።

መድኃኒት

ማስታገሻውን ድንዛዜው ሳይለቅ ይውሰዱ። ለአዋቂ ፓራሲታሞል ባለ 500 ሚሊግራም ሁለት ፍሬ በየ6 ሰዓቱ ነው፤ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ አይለፉ። የጉበት ሕመም ካለብዎ ወይም ክብደትዎ ከ50 ኪሎ በታች ከሆነ መጠኑን አስቀድመው ይጠይቁን። የጨጓራ፣ የኩላሊት ወይም የአስም ሕመምተኛ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆኑ ኢቡፕሮፌን ራስዎ ገዝተው አይውሰዱ። አስፕሪን ለሕመሙ ብለው አይውሰዱ፣ ያደማል። ለልብ ወይም ለደም ግፊት የታዘዘልዎትን ግን በራስዎ አያቋርጡ። አሞክሲሲሊን ካላዘዝንልዎት አያስፈልግዎትም ማለት ነው፤ የቤተሰብ ትራፊም ቢሆን አይጀምሩ።

ከነገ ጀምሮ

ፈልቶ ለብ ባለ አንድ ብርጭቆ ውኃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጥብጡ። ጎንጨት ብለው ጭንቅላትዎን ወደተነቀለው ወገን ዘንበል ያድርጉ፣ ጥቂት ያቆዩት፣ ከዚያ አፍዎን ከፍተው ራሱ ይፍሰስ። እንትፍ ብለው አይትፉት። ከምግብ በኋላ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ፣ ለአንድ ሳምንት።

ሌሎቹን ጥርሶች ከዛሬ ማታ ጀምሮ ይቦርሹ፤ ቁስሉን ብቻ ይለፉት።

አጥሚት፣ የተፈጨ ድንች፣ ያልበዛ በርበሬ ያለው ቀዝቀዝ ያለ ሽሮ በራሰ እንጀራ፣ ሙዝ ይበሉ። የዓሣ ሾርባም ለብ ሲል ጥሩ ነው፣ እሾኩን አጥልለው። ቆሎና ፈንዲሻ ሳምንቱ ይለፋቸው፤ የፈንዲሻ ልጣጭ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ የመጣብን ታካሚ ጥቂት አይደለም። በሌላው ወገን ያኝኩ።

በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ጉድጓዱ ላይ ነጣ ወይም ቢጫ ያለ ሽፋን ቢያዩ መግል ነው ብለው አይፋቁት፤ የሚድን ቁስል መልኩ ነው። ስፌት ካለዎት የሚወጣበት ቀን ካርድዎ ላይ አለ።

ይምጡ

ሕመሙ ቀለል ብሎ ቆይቶ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ገደማ ወደ ጆሮ የሚወጋ ከሆነ፣ አፍም መጥፎ ከሸተተ፣ የረጋው ደም ተነስቶ አጥንቱ ተጋልጦ ይሆናል። በማስታገሻ አይታገሉት፤ ጉድጓዱን አጥበን መድኃኒት ስናደርግበት ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ቀለል ይላል። ከሦስተኛው ቀን በኋላ እብጠቱ ከጨመረ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም መግል ከወጣም ይምጡ።

ሁለት ጊዜ ጎዝ ነክሰው ደሙ ካልቆመ፣ አፍ መክፈት ወይም መዋጥ ካቃተዎት፣ እብጠቱ ወደ አንገት ወይም ወደ ዓይን ከሄደ፣ መተንፈስ ከከበደዎት፣ ሌሊትም ቢሆን ነገን አይጠብቁ፤ ባጃጅ ይዘው በአቅራቢያዎ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ይህን ወረቀትና የመድኃኒትዎን ካርቶን ይዘው ይሂዱ።