የጥር 2017 የባንክ ሒሳብ ማስታረቂያ፦ ከስቴትመንቱ እስከ ፊርማው

ደብረ ብርሃን ዙሪያ ያለ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር እንውሰድ። የአባላቱን የቢራ ገብስ እየሰበሰበ ይሸጣል። ጥር ሥራ የሚበዛበት ወር ነው። እህሉ ተወቅቶ ገብቷል። ገዢ ይመጣል፣ ጆንያ ይገዛል፣ መኪና ይከራያል፣ ቼክ ይቆረጣል። ወሩ ሲዘጋ የሒሳብ ሠራተኛዋ ፊት ሁለት ቁጥሮች ይቀርባሉ። የማኅበሩ ሌጀር ጥር 30 ቀን 2017 ባንክ ያለው ገንዘብ 450,975.50 ብር ነው ይላል። የባንኩ ስቴትመንት ደግሞ 486,320.50 ብር ነው ይላል።

ልዩነቱ 35,345.00 ብር ነው። ባንኩ ጋ ያለው ስለሚበልጥ ብዙ ሰው አይደነግጥም። መደንገጥ ግን ይገባል። ሊቀመንበሩ የባንኩን ቁጥር አይቶ «ገንዘብ አለን» ብሎ አዲስ ቼክ ቢፈርም፣ ቀድሞ የተጻፈ ሌላ ቼክ መክፈያ ሊያጣ ይችላል። በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣት ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያስቀጣል። ማስታረቂያውን በየወሩ እንሥራ የምለው ለኦዲተር ብዬ ብቻ አይደለም። የገበሬው ገንዘብ ስንት እንደሆነ በትክክል የሚነግረን ወረቀት እሱ ነው።

መጀመሪያ ቀኑን እናስተካክል። ባንኩ የሚሠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የማኅበሩ መዝገብ ደግሞ በእኛ። ባንክ ቤት ሄዶ «የፌብሩዋሪ ስቴትመንት ስጡኝ» ማለት ትርጉም የለውም። የ2017 ጥር የሚጀምረው ጃንዋሪ 9 ቀን 2025 ነው፤ የሚያልቀው ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2025። መጠየቅ ያለበት በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ያለው ነው። የ2016ን መቁጠሪያ እንዳለ መጠቀምም አያዋጣም። 2015 ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች የ2016 ዓመት በአንድ ቀን ዘግይቶ ገባ፤ ጥር 30 ቀን 2016 የዋለው ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2024 ነበር። በ2016 የተጻፈውን ቀን ለ2017 የገለበጠ ሰው አንድ ቀን ያልፋል።

አንድ ቀን ምን ያመጣል? እዚሁ ሒሳብ ላይ እንየው። የመጋዘን ኪራይ የተከፈለበት ቼክ ቁጥር 0422፣ 9,240.00 ብር፣ የተመነዘረው ቅዳሜ ፌብሩዋሪ 8 ነው። በእኛ የካቲት 1። እስከ ፌብሩዋሪ 8 የተወሰደ ስቴትመንት መጨረሻው 477,080.50 ብር ይሆናል። ሌጀሩ ግን የጥር 30 ነው። ሠራተኛዋ ቼኩን ካልተመነዘሩት ጋር ከዘረዘረችው ሒሳቡ በ9,240.00 ብር ይዛነፋል፤ ካወጣችው ደግሞ ይገጥማል፤ ግን የጥር 30 ማስታረቂያ አይሆንም። ኦዲተሩ ከባንኩ የጥር 30ን ቀሪ በደብዳቤ ሲያረጋግጥ ሌላ ቁጥር ይመጣለታል።

ቀኑ ከተስተካከለ በኋላ ሦስት ነገሮች አብረው ጠረጴዛ ላይ ይውጡ፤ ስቴትመንቱ፣ ሌጀሩ፣ እና ያለፈው ወር ማስታረቂያ። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። በታኅሣሥ ሳይመነዘሩ የቀሩት ቼኮች ያሉት እዚያ ላይ ነው። በጥር ሌጀር ላይ አይገኙም፤ የተመዘገቡት ባለፈው ወር ነውና።

አሁን እስክሪብቶ ይዞ ምልክት ማድረግ ነው። አንድ ነገር ግን አስቀድሞ ይታወቅ። በስቴትመንቱ ላይ ገቢያችን የሚታየው በክሬዲት ዓምድ ነው። እኛ ደግሞ ዴቢት ያደረግነው ነው። ባንኩ የሚጽፈው የራሱን መዝገብ ነው፤ የእኛ ገንዘብ ለእሱ ዕዳ ስለሆነ ሲጨምር ክሬዲት ያደርገዋል። ስለዚህ የባንኩ ክሬዲት ከእኛ ዴቢት ጋር፣ የባንኩ ዴቢት ከእኛ ክሬዲት ጋር ይመሳከራል። ቼክ በቁጥሩም በገንዘቡም ይታያል። ቁጥሩ ገጥሞ ገንዘቡ ቢለያይ ምልክት አይደረግም። ሁለቱ ላይ ያለው ሁሉ ምልክት ይደረግበታል። ታኅሣሥ ላይ ተንጠልጥሎ የነበረው ቼክ 0409 ጃንዋሪ 13 ላይ ተከፍሏል፤ እሱም ምልክት ተደርጎበት ይዘጋል።

ሥራው ያለው ምልክት ባላገኙት ላይ ነው። እያንዳንዱን አንድ ጥያቄ እንጠይቀው፤ ይህን ነገር ያላወቀው ማነው? ባንኩ ነው ወይስ እኛ? ባንኩ ካላወቀው የባንኩ ቁጥር ይስተካከላል። እኛ ካላወቅነው የእኛ።

ሦስት ቼኮች በጥር ወይም ባለፈው ወር መዝገባችን ላይ ተቀንሰዋል፤ ስቴትመንቱ ላይ ግን የሉም። አንደኛው 0417 ነው፤ ታኅሣሥ 26 ለመኪና ኪራይ የተጻፈ፣ 38,500.00 ብር። ባለመኪናው ሸዋ ሮቢት ነው፤ ቼኩን ይዞት ቁጭ ብሏል። ሁለተኛው 0421፣ ጥር 27፣ ለጆንያ ነጋዴ፣ 52,750.00 ብር። ሦስተኛው ያ የመጋዘን ኪራይ፣ 0422፣ ጥር 29 የተጻፈ። ድምራቸው 100,490.00 ብር። ቼኮቹ ከእጃችን ወጥተዋል፤ መዝገባችን ላይ ተቀንሰዋል። ያልሰማው ባንኩ ነው። ስለዚህ ከባንኩ ቀሪ ይቀነሳሉ።

ቼኩ በእርግጥ ከቢሮ መውጣቱን ግን ጉርዱን ብቻ አይቶ ማመን አይበቃም። ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ባለቤቱ ሳይመጣ ካዝና ውስጥ ያደረ ቼክ «ያልተመነዘረ» አይባልም። ገንዘቡ ገና የማኅበሩ ነው። ተቀባዩ በክፍያ ቫውቸሩ ላይ መፈረሙ ይታይ።

በመንገድ ላይ ያለው ገቢ አንድ ነው። ዓርብ ጥር 30 ከሰዓት አንድ ገብስ ገዢ የሌላ ባንክ ቼክ ሰጠ፣ 64,800.00 ብር። ገንዘብ ያዡ ደረሰኝ ቆረጠ፤ ያንኑ ቀን ቼኩን ባንክ አስገባ፤ ሌጀሩ ላይም ተመዘገበ። ባንኩ ግን የሌላ ባንክ ቼክ ስለሆነ እስኪጣራ ጠብቆ ሒሳባችን ውስጥ ያስገባው ማክሰኞ ፌብሩዋሪ 11 ነው፤ የካቲት 4። በጥር 30 ባንኩ ይህን ገንዘብ አልቆጠረውም። ስለዚህ በባንኩ ቀሪ ላይ ይደመራል።

እዚህ ቦታ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። ገንዘብ የሚጎድልበትና ጉድለቱ የሚሸፈንበት ቀላሉ ቀዳዳ ይህ ነው። ገንዘብ ያዥ ያላስገባውን ብር «መንገድ ላይ ነው» ካለ፣ ማስታረቂያው ያለምንም ችግር ይገጥማል። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ሌላ ገቢ በቦታው ይተካል። መከላከያው ከባድ አይደለም። የገቢ ማስገቢያ ወረቀቱ የባንክ ማኅተምና የጥር 30 ቀን አለበት? በየካቲት የመጀመሪያ ቀናት ያው 64,800.00 ብር፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ ስቴትመንቱ ላይ ገብቷል? ሁለቱም «አዎ» ከሆነ ተገቢ ነው። ሳምንት አልፎ ካልታየ መንገድ ላይ አይደለም፤ የት እንዳለ መጠየቅ አለበት። ብር የሚቀበለው ሰውና ማስታረቂያውን የሚሠራው ሰው አንድ መሆን የሌለባቸውም ለዚህ ነው። ማኅበሩ ሁለት ሠራተኛ ብቻ ቢኖረው እንኳ ሥራው ይከፈል።

የቀረው የባንኩ አገልግሎት ክፍያ ነው። ስቴትመንቱ ላይ በሁለት መስመር ወጥቷል፤ 300.00 ብር የገንዘብ ማስተላለፊያ፣ 45.00 ብር የአጭር መልእክት። በድምሩ 345.00 ብር። ባንኩ ቆርጦታል፤ እኛ ያወቅነው ስቴትመንቱን ስናይ ነው። ስለዚህ ከሌጀሩ ቀሪ ይቀነሳል። ትንሽ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። በየወሩ የታለፈ 345 ብር ዓመት ሲሞላ ማንም የማያስረዳው ልዩነት ይሆናል።

ወረቀቱ ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

የባንክ ሒሳብ ማስታረቂያ፣ ጥር 30 ቀን 2017 (ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2025)

| | ብር |
|---|---:|
| ቀሪ በባንክ ስቴትመንት | 486,320.50 |
| ሲደመር፦ በመንገድ ላይ ያለ ገቢ | 64,800.00 |
| | 551,120.50 |
| ሲቀነስ፦ ያልተመነዘሩ ቼኮች | |
| ቁጥር 0417፣ 38,500.00 | |
| ቁጥር 0421፣ 52,750.00 | |
| ቁጥር 0422፣ 9,240.00 | 100,490.00 |
| የተስተካከለ የባንክ ቀሪ | 450,630.50 |
| | |
| ቀሪ በማኅበሩ ሌጀር | 450,975.50 |
| ሲቀነስ፦ የባንክ አገልግሎት ክፍያ | 345.00 |
| የተስተካከለ የሌጀር ቀሪ | 450,630.50 |

የማኅበሩ ገንዘብ 450,630.50 ብር ነው። ስቴትመንቱም ሌጀሩም መጀመሪያ ያሉት ሌላ ነበር።

በመዝገብ ላይ የሚወራረደው አንድ ነገር ብቻ ነው፦

ዴቢት፦ የባንክ አገልግሎት ወጪ 345.00
ክሬዲት፦ ጥሬ ገንዘብ በባንክ 345.00

ለቼኮቹና ለ64,800.00 ብሩ ጆርናል አይሠራም። እነሱ ቀድሞ ተመዝግበዋል፤ ድጋሚ መመዝገብ ሁለት ጊዜ መቁጠር ነው። ጀማሪዎች ላይ ደጋግሜ የማየው ስሕተት ይህ ነው። ማስታረቂያው ላይ ያለውን ሁሉ ወደ ጆርናል ያወርዱታል። የባንኩን ወገን ባንኩ ራሱ በጊዜው ያስተካክለዋል፤ እኛ የምንነካው የእኛን ወገን ነው።

አልገጥም ካለስ? ቁጥሩን ለማስገጠም «ልዩ ልዩ» የሚል መስመር መፍጠር ክልክል ነው። ልዩነቱ ራሱ ፍንጭ ይሰጣል። 690.00 ብር ከመጣ የ345.00 እጥፍ ነው፤ አገልግሎት ክፍያው በመቀነስ ፈንታ ተደምሯል ማለት ነው። 180.00 ብር ከመጣ ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ እንዲህ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት አኃዞች ቦታ ሲቀያየሩ ነው። 9,240 ተብሎ የተጻፈው 9,420 ተብሎ ተገልብጦ ይሆናል። ልዩነቱ ልክ 38,500.00 ከሆነ ደግሞ የታኅሣሡ ቼክ ተረስቷል፤ ያለፈው ወር ማስታረቂያ አልወጣም ነበር ማለት ነው።

ያዘጋጀችው ትፈርማለች፣ ቀን ትጽፋለች። ሌላ ሰው አይቶ ይፈርማል። ያየው ሰው ድምሩን ብቻ አይመልከት፤ ቢያንስ የገቢ ማስገቢያውን ወረቀትና የየካቲትን ስቴትመንት የመጀመሪያ ገጽ አስወጥቶ ያስተያይ። ሁለቱም ከማስታረቂያው ጋር ተያይዘው ፋይል ይደረጋሉ።

ለየካቲት የሚተላለፉት ሁለት ቼኮች ናቸው፤ 0417 እና 0421። 0422 እና 64,800.00 ብሩ ወሩ እንደገባ ተዘግተዋል። 0421 ገና አዲስ ነው፤ የጆንያ ነጋዴው ይመጣል። 0417 ላይ ግን ለሸዋ ሮቢቱ ባለመኪና ስልክ ይደወል። ቼክ ከተጻፈ ስድስት ወር ካለፈው ባንክ አይቀበለውም፤ ሰውየውም ይጉላላል። ጠፍቶበት ከሆነ ለባንኩ «እንዳይከፈል» የሚል ደብዳቤ በተፈቀደላቸው ፈራሚዎች ይጻፋል፤ ባንኩ መቀበሉ ሲረጋገጥ የድሮው ቼክ በሌጀሩ ላይ ይሰረዝና በምትኩ አዲስ ይቆረጣል። ኪሱ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ሰኔ 26 ሳይደርስ ባንክ እንዲሄድ ይነገረው።