የትልቁን ዕድል የሚወስነው የትንሹ ሒሳብ ነው

ባለፈው በሰጠሁት የገበያ መግቢያ ጥያቄ ብዙዎቻችሁ የተሳሳታችሁት አንድ ቦታ ላይ ነው። እስቲ አብረን እንሥራው።

ሁለት ኩባንያዎች አሉ፤ ትልቁ እና ትንሹ እንበላቸው። ገበያው ለአንድ ይበቃል፣ ለሁለት ግን ይጠባል። አንዱ የሌላውን ውሳኔ ሳያይ «ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?» ይላል። የቀረ 0 ያገኛል። ብቻውን ከገባ ትልቁ 60፣ ትንሹ 30 ያተርፋል። ሁለቱም ከገቡ ትልቁ 40፣ ትንሹ 70 ይከስራል።

የናሽ ሚዛን ማለት ማንም ብቻውን ውሳኔውን ቢቀይር የማይጠቀምበት ሁኔታ ነው። አንዱ ገብቶ ሌላው የሚቀርባቸው ሁለት የናሽ ሚዛኖች ወዲያው ይታያሉ። ማን ይግባ የሚለውን ግን አይነግሩንም። ሦስተኛው ሚዛን ድብልቅ ስልት ነው፤ እያንዳንዱ መግባቱን በዕጣ ይወስናል ማለት ነው። ትልቁ በ p፣ ትንሹ በ q ዕድል ይገባሉ።

እዚህ ጋ ነው ስህተቱ። የትልቁን p ለማግኘት የትልቁን ትርፍ አስልታችኋል። አይሆንም! ትልቁ በዕጣ የሚወስነው መግባትና መቅረት እኩል ሲሆኑበት ብቻ ነው። አንዱ ከሌላው ከተሻለው ምን ዕጣ ያስፈልገዋል? የተሻለውን ይመርጣላ። እኩል የሚያደርግለት ደግሞ የትንሹ q ነው፦

```
-40q + 60(1 - q) = 0
60 = 100q
q = 0.6
```

ለትንሹም እንዲሁ፦

```
-70p + 30(1 - p) = 0
30 = 100p
p = 0.3
```

አያችሁ? የበለጠ የሚያተርፈው ትልቁ በ30 በመቶ ዕድል ይገባል፤ ትንሹ በ60። የተገላቢጦሽ ይመስላል፤ እኔም መጀመሪያ ስሠራው ሒሳቡን ደግሜ አይቼዋለሁ። ግን ልክ ነው። ትልቁ ብዙ የሚያተርፍ ስለሆነ እንዲያመነታ የሚያደርገው የትንሹ በብዛት መግባት ነው። የትልቁን 60 ወደ 160 ብታሳድጉት q ወደ 0.8 ይወጣል፤ p ግን ከ0.3 ንቅንቅ አይልም።

ሁለቱም የመግባታቸው ዕድል 0.3 × 0.6 = 0.18 ነው። ማንም የማይገባበት 0.7 × 0.4 = 0.28። ትልቁ ብቻውን የሚገባበት 0.12፣ ትንሹ ብቻውን 0.42። ድምሩ 1 ካልመጣ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል። የሁለቱም አማካይ ትርፍ 0 ነው፤ ከመቅረት አይሻልም። ስለዚህ ሚዛኑ ሁለቱንም ብዙም አይጠቅማቸውም።

አንዳችሁ «የትኛው ሥራ አስኪያጅ ነው ዳይ ወርውሮ የሚወስነው?» ብላችሁ ጽፋችኋል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ ሊቁ ጆን ሃርሳኒ በ1973 መልስ ሰጥቶበታል፦ እያንዳንዱ ስለራሱ ወጪ ሌላው የማያውቀው ትንሽ ነገር ያውቃል እንበል። በዚያ ላይ ተመሥርቶ በእርግጠኝነት ይወስናል፤ ዕጣ የለም። ዕጣ የሚመስለው ያንን ለማያየው ተቀናቃኝ ነው።