ሴንሰሩ ምንም ሳያይ የሚበራ ኢንፑት

ሰሞኑን አንድ የውሃ ማሸጊያ ፋብሪካ ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ክዳን መግጠሚያው ማሽን ላይ ያለው፣ ብረት ሲቀርበው የሚበራው ሴንሰር ቆጠራው ተምታቷል። 100 ጠርሙስ ሲያልፍ 130 ይቆጥራል፣ አንዳንዴ ከዚያም በላይ። የጥገናው ልጆች ሁለት ቀን ታግለዋል። ሴንሰር ቀይረዋል፣ ማሽኑን የሚያዘውን ኮምፒውተር፣ የፒኤልሲውን ሌላ ኢንፑት ሞክረዋል፣ በመጨረሻም «የፒኤልሲው የኢንፑት ካርድ ተበላሽቷል፣ አዲስ ይገዛ» የሚል ማመልከቻ ጽፈዋል። ካርዱ ግን ጤነኛ ነበር። እዚህ የምጽፈው እንዴት እንደደረስንበት ነው፣ ምክንያቱም ይሄ ነገር በየፋብሪካው ይደጋገማል፣ የውጭ ምንዛሪ ተጠብቆ የሚመጣ ካርድም በከንቱ ይገዛል።

ፒኤልሲው ሲመንስ S7-1200 ነው፣ ኢንፑቱ I0.5። መጀመሪያ ያደረግኩት ኮምፒውተር መክፈት አይደለም። ፓናሉን ከፍቼ የ I0.5ን ሽቦ ከተርሚናሉ ነቀልኩት። የኢንፑቱ መብራት ጠፋ፣ ጠፍቶም ቀረ። በዚህች አንድ ደቂቃ በማትሞላ ሥራ የካርዱ ጉዳይ አለቀ፤ ችግሩ ከተርሚናሉ ውጭ ነው ማለት ነው። ሽቦው ተነቅሎም መብራቱ ቢበራ ኖሮ ያኔ ካርዱን እጠረጥር ነበር። መብራቱ ጠፍቶ ፕሮግራሙ ላይ 1 የሚያሳይ ከሆነ ደግሞ አንድ ሰው ኢንፑቱን ከኮምፒውተር በግድ 1 አድርጎ፣ ማለትም ፎርስ አድርጎ ረስቶት ይሆናል፣ እሱንም ማየት ነው።

እዚህ ላይ ልጆቹ የተሳሳቱበትን ልንገራችሁ፣ እኔም በጀማሪነቴ የገባሁበት ጉድጓድ ነው። የተነቀለውን ሽቦ በቴስተር ለክተው 23 ቮልት አገኙ፣ ሴንሰሩ ፊት ምንም ብረት ሳይኖር። «ሴንሰሩ ሾርት ነው» አሉና ቀየሩት። አዲሱም 23 አሳየ። ዲጂታል ቴስተር ውስጡ ብዙ ጊዜ 10 ሜጋ ኦም አካባቢ ነው፣ ከሽቦው ምንም ያህል አይስብም፤ ስለዚህ በጣም ትንሽ ፍሳሽ ከረንት ያለው ሽቦ ሁሉ ሙሉ ቮልቴጅ ያለው ይመስላል። ሽቦው ኢንፑቱ ላይ ታስሮ ነው መለካት ያለበት።

መልሼ አሰርኩትና ከተርሚናሉ ወደ ኮመኑ ለካሁ። ብረቱ ሴንሰሩ ፊት ሲሆን 19.5 ቮልት፣ ሲርቅ 7.9 ቮልት። በቃ፣ ሌባው ተያዘ! የዚህ ፒኤልሲ መመሪያ 0 ለመባል ከ5 ቮልት በታች (ከረንቱም ከ1 ሚሊ አምፕ ያልበለጠ)፣ 1 ለመባል ደግሞ ከ15 ቮልት በላይ ያስፈልጋል ይላል። በመሃል ያለው የማንም ያልሆነ መሬት ነው። 7.9 እዚያ መሃል ተቀምጧል፣ ትንሽ ንቅናቄ ካገኘ ይበራል፣ ካጣ ይጠፋል። ንቅናቄውን የሚሰጠው ደግሞ የኮንቬየሩን ሞተር ፍጥነት የሚቆጣጠረው ኢንቨርተር ነበር፤ የሞተሩ ኬብል ከሴንሰሩ ኬብል ጋር በአንድ ትሬይ ወደ 12 ሜትር ያህል ተቃቅፎ ይሄዳል። ልጆቹ «ኮንቬየሩ ሲቆም ብልጭታው ይቆማል» ያሉኝ እውነታቸውን ነው። ያዩት ትክክል ነው፣ ግን ኢንቨርተሩ ገፋፊ እንጂ ዋናው ምክንያት አይደለም።

7.9ቱ ከየት መጣ? ሴንሰሩን አየሁት፣ ሁለት ሽቦ ነው። የድሮው ሦስት ሽቦ ፒኤንፒ ነበር፣ ሲበራ በጥቁሩ ሽቦ 24 ቮልት የሚሰጥ። ሲሰበር መጀመሪያ ከመጋዘን የተሰጣቸው ኤንፒኤን ስለነበር መብራቱ ጭራሽ አልበራም፤ ኤንፒኤን ጥቁሩን ሽቦ ወደ 0 ቮልት ነው የሚጎትተው፣ እነሱ ጋ ደግሞ ኮመኑ 0 ቮልት ላይ ስለታሰረ ኢንፑቱ የሚጠብቀው 24 ነው። ከዚያ መርካቶ ሄደው ይሄን ባለ ሁለት ሽቦ ገዙ፣ «ሠራ» ብለው ተደሰቱ። ባለ ሁለት ሽቦ ሴንሰር የራሱ መመገቢያ ሽቦ የለውም። ውስጡ ያለው ሰርኪት የሚኖረው በኢንፑቱ በኩል በሚያልፈው ከረንት ነው፣ ስለዚህ «ጠፍቷል» በሚባልበት ሰዓትም ትንሽ ያፈሳል። ቴስተሩን ሚሊ አምፕ ላይ አድርጌ በተከታታይ ሳስገባው 1.3 ሚሊ አምፕ አነበብኩ። ለእንዲህ ያለ የዲሲ ሴንሰር ይሄ ብልሽት አይደለም፣ የእነዚህ ሴንሰሮች ዓለም አቀፍ ደረጃ እስከ 1.5 ይፈቅዳል። ኢንፑቱ በ24 ቮልት 4 ሚሊ አምፕ ያህል ስለሚስብ ወደ 6 ኪሎ ኦም ብንቆጥረው፣

```
1.3 mA x 6 kΩ = 7.8 V
```

ከለካሁት ጋር ሊገጥም ምንም አልቀረውም። እንዲህ ሲገጥም ደስ ይላል፣ መገመት አቆማችሁ ማለት ነው።

ፍሳሹ የሚያልፍበት ሌላ መንገድ ያስፈልገዋል። ከኢንፑቱ ተርሚናል ወደ ኮመኑ አንድ 3.3 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አሰርኩ። ከ6 ጋር ጎን ለጎን ሲሆን ወደ 2.1 ኪሎ ኦም ይወርዳል፣ ቮልቴጁም 2.8 አካባቢ ይሆናል። ሲበራ ሬዚስተሩ ላይ ከ0.18 ዋት በታች ስለሚቃጠል የግማሽ ዋት አደረግኩ፤ ሩብ ዋቱ ለጊዜው ይችል ይሆናል እንጂ በጠባብ ሙቅ ፓናል ውስጥ አላምነውም። ከዚያ ስለካ ሲጠፋ 2.8፣ ሲበራ 19.3። ብልጭታው የለም፣ ኮንቬየሩም እየሮጠ። ፈረቃው እስኪያልቅ አብረን ቆጠርን፣ ጠርሙሱና ቁጥሩ እኩል ወጡ።

አንዱ ልጅ ቀደም ብሎ የኢንፑቱን ፊልተር ከ6.4 ወደ 12.8 ሚሊ ሰከንድ አድርጎት ነበር። ብልጭታውን ቀንሶታል፣ ችግሩን ግን ደበቀው። ቮልቴጁ መሃል ሜዳ ላይ እስካለ ድረስ ፊልተር ማሳደግ ቁስል ላይ ጨርቅ መጣል ነው። ወደ 6.4 መለስኩት።

እዚያው እያለሁ «ይሄኛውም ታሟል» ብለው I0.7ን አሳዩኝ። ይሄ አይብለጨለጭም፣ ሁልጊዜ እንደበራ ነው። ሽቦውን ስነቅል ጠፋ፤ እንግዲህ ውጭ ነው። ተመልሼ አስሬ ወደ ሴንሰሩ ሄድኩና ሶኬቱን ነቀልኩት፣ ሰውየው ፓናሉ ጋ ቆሞ «አሁንም በርቷል» አለኝ። ስለዚህ ሴንሰሩም ነፃ ነው፣ ጣጣው መንገድ ላይ ነው። በመሃል ያለችው አንዲት ጃንክሽን ቦክስ ጠርሙስ ማጠቢያው አጠገብ ተሰቅላለች፣ ግላንዷ ወደ ላይ። ስከፍታት ተርሚናሎቹ መካከል ነጭ ቅርፊት ጋግሯል፣ የውሃ ኖራ፣ ከላዩም እርጥበት። የቡናማው 24 ቮልትና የጥቁሩ ሽቦ ተርሚናሎች ጎን ለጎን ናቸው፣ ኤሌክትሪኩ በእርጥቡ ቅርፊት ላይ እየተሻገረ ኢንፑቱን ያበራዋል። ፓናሉ ላይ 17 ቮልት ተለካ፣ ሴንሰሩ ሳይኖር! ተርሚናሉን በሙሉ ቀየርን፣ ሽቦዎቹን ቆርጠን አዲስ ጫፍ አወጣን፣ ቦክሷን ገልብጠን ግላንዷን ወደ ታች አደረግን፤ በ24ቱና በምልክቱ መካከልም አንድ ባዶ ተርሚናል ተውን።

የ I0.5 ሬዚስተር ጊዜያዊ ነው። ሥዕሉ ላይ በእስክሪብቶ ጽፌበታለሁ፣ ተርሚናሉም ላይ መለያ ለጥፌያለሁ፣ አለበለዚያ ነገ አንድ ሰው «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ያወጣዋል። የሞተሩን ኬብል ወደ ሌላኛው ትሬይ ማዛወሩን ለእሁድ ቀጠሮ ይዘናል። ለግዥ ክፍሉም በድጋሚ እንዳይሳሳቱ እንዲህ ብዬ ጻፍኩላቸው፦ «ኢንዳክቲቭ ሴንሰር፣ ባለ ሦስት ሽቦ፣ ፒኤንፒ፣ በመደበኛው ክፍት፣ 10 እስከ 30 ቮልት ዲሲ፣ መጠን M12፣ ብዛት 2። ባለ ሁለት ሽቦ ወይም ኤንፒኤን ከመጣ አንረከብም።»