እትዬ፣ አንዲት ነገር ላስቸግርዎት

ሰላም እትዬ፣ እንዴት ከረሙ? የሐምሌ ገብርኤል እንግዳ ሸኝተው አሁን ትንሽ ፋታ አግኝተው ይሆናል ብዬ ነው። የሠራሁልዎት የእንግዳ ማረፊያዎ ዌብሳይት ደህና ነው፣ ትናንት ማታ ገብቼ አይቼዋለሁ፤ የምጽፈው ለሌላ ጉዳይ ነው።

ባለፈው ስንደዋወል ስለ በዓሉ ሰሞን ያጫወቱኝን ያስታውሳሉ? እሷን ጨዋታ ሥራዬን በማሳይበት ገጽ ላይ ላወጣት ፈልጌ ፈቃድዎን ልጠይቅ ነው። እኔማ ስለ ራሴ ሥራ መቶ ጊዜ ጎበዝ ነኝ ብል ማን ይሰማኛል? ሐይቁ ዳር ወይ አቶቴ አካባቢ ፔንሲዮን ያለው ሰው ግን፣ እንደሱው እንግዳ ተቀብሎ አንሶላ ሲያስቀይር የሚውል ሰው ሲናገር ጆሮውን ይሰጣል።

ሥራ እንደሚበዛብዎት ስለማውቅ ያሉኝን አሳጥሬ ጽፌዋለሁ፦

«ድሮ ለገብርኤል ስልኬ ሲጮህ ነበር የሚያድረው። አንዱ ዋጋ ይጠይቃል፣ አንዱ ከጉዱማሌ በየት በኩል ነው የሚታጠፈው ይላል። ዘንድሮ ክፍሉንም ዋጋውንም ዌብሳይቱ ላይ አይተው፣ በቴሌግራም አስይዘው፣ ካርታውን ተከትለው በሩ ላይ ደረሱ። እኔም እንቅልፌን ተኛሁ።»

ልክ ከሆነ «ይሁን» ብለው ቢልኩልኝ ይበቃል። ያላሉትን ጨምሬ ከሆነ ይሰርዙት፣ በተለይ የመጨረሻዋን የእንቅልፍ ነገር እየሳቁ ስለነበር የተናገሯት ለቁም ነገር ይሁን ለቀልድ አላወቅኩም (እኔ ግን ወድጃታለሁ)። መጻፍ ከሰለቸዎት ቮይስ ይላኩልኝ፣ እኔ እጽፈዋለሁ፤ በሲዳምኛ ከቀለለዎትም በሲዳምኛ ይሁን፣ እንዲያውም እንዳለ አወጣዋለሁ። ያልተመቸዎት ነገር ካለም ይግባበት፣ ሙገሳ ብቻ ሲሆን ሰው ይጠረጥራል።

ስምዎና የቤቱ ስም ቢወጣ ለእርስዎም ማስታወቂያ ነው። ካልፈለጉ ግን «የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት፣ ሀዋሳ» ብዬ አልፈዋለሁ። ስልክ ቁጥርዎን አላወጣም። ፎቶም አያስፈልግም፣ የግቢው ፎቶ አለኝ።

ለዚህ ብዬ ከሚቀጥለው ክፍያ ልቀንስልዎት አስቤ ነበር፣ ግን የተገዛ ምስጋና ስለሚመስል ተውኩት። ቡና ግን በእኔ ነው።

ገጹን ቅዳሜ ስለማድሰው እስከ አርብ ማታ ቢደርሰኝ ደስ ይለኛል። ካልተመቸዎት ደግሞ «ይቅርብኝ» ይበሉኝ፣ ምንም አይደል፤ ዋጋ ለመቀየርም ሆነ ክፍል ሞልቷል ለማለት እንደወትሮው ይደውሉልኝ።

የዌብሳይቱ ልጅ ነኝ