ይድረስ ለእማማ ዘውዲቱ

ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.
ጎንደር

ይድረስ ለእናታችን ለእማማ ዘውዲቱ፣

ጤና ይስጥልኝ እማማ። እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? የጥቅምት ብርድ እንደማይስማማዎት አውቃለሁ።

ይህን ነገር በቃል ልነግርዎ ሁለት ጊዜ ቤትዎ መጥቼ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ቡና ጠጥቼ፣ ሌላ ሌላውን አውርቼ ተመለስሁ። አፌ አልታዘዝ አለኝ። ስለዚህ ጻፍሁት። የልጅ ልጅዎ ትዕግሥት ታንብብልዎ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። የድሮዎቹን መዝሙሮች ለልጆቻችን ያስተምሩልን።

ባለፈው ጥምቀት ታቦታችንን ከፋሲለደስ መዋኛ አጅበን ስንመለስ የሆነውን ያስታውሳሉ። መንገድ ላይ ጄኔሬተሩ ጠፋ። ሞንታርቦው ዝም አለ። ልጆቹም አብረው ዝም አሉ። ግጥሙ ያለው ስልካቸው ላይ ነው፤ ዜማውን ሲከተሉ የነበሩትም ከሞንታርቦው ነው። ያን ጊዜ ከኋላ የእርስዎ ድምፅ ተነሣ። እናቶች ተቀበሉ። ዳር ቆሞ ስልኩን ሲነካካ የነበረው ሰው ሁሉ ማጨብጨብ ጀመረ፣ እልልታው ቀለጠ። እኔ ከፊት ነበርሁ። ዞር ብዬ ልጆቹን አየሁ። አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ቃል አይወጣም። መዝሙሩን አያውቁትም። ከበሮ መቺያችን እጁን እንዳነሣ ቀረ። የቱ ላይ እንደሚመታ ግራ ገባው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም። ማን አስተማራቸው?

ሌላም የሚከነክነኝ ነገር አለ። ከሦስት ዓመት በፊት አዲሱን የደንብ ልብስ ስናሰፋ «ሰልፉ እንዲያምር እናቶች ከኋላ ይሁኑ» ያልሁት እኔ ነኝ። እርስዎ ምንም አላሉም። ምርኩዝዎን ይዘው ወደ ኋላ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ልምምድ ላይ መምጣትዎም እየቀነሰ ሄደ። ያኔ ነገሩ የልብስ ጉዳይ ብቻ መስሎኝ ነበር። ልጆቹን ከእናንተ እየነጠልኋቸው መሆኔ አልገባኝም። እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ይህን ሳልናገር ልመና ማቅረብ አልፈለግሁም።

አሁን ለምን እንደቸኮልሁ ልንገርዎ። በዓታ አቋቋም የሚማረውን ተማሪ ሳይ እቀናለሁ። የእሱ ዜማ ምልክት አለው። አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን የደረሱት ምልክት ዛሬም ከፊደሉ በላይ ተቀምጦ ዜማውን ይመራዋል። መምህሩ ቢያልፍ መጽሐፉ አለ። መጽሐፉ ቢጠፋ መምህሩ አለ። በ1880 ድርቡሽ ከተማችንን ሲያቃጥል ስንት መጽሐፍ ነደደ። ዜማው ግን በሊቃውንቱ ልብ ውስጥ ስለነበር አልጠፋም።

የእናንተ መዝሙር ምልክት የለውም። ባለፈው ክረምት እርስዎና ሌሎቹ እናቶች ስትዘምሩ እየሰማሁ ግጥሙን ደብተር ላይ ጻፍሁት። 31 መዝሙር ሆነ። ደስ አለኝ። ቤት ገብቼ ብቻዬን ልዘምረው ስሞክር ግን ግማሹ እምቢ አለኝ። ድምፁ የት ላይ ይጎተታል? ትንፋሽ የት ይወሰዳል? ከበሮው ከዝግታው ወደ ፍጥነቱ የሚሻገረው የትኛው ቃል ላይ ነው? ወረቀቱ ይህን አይናገርም። መዝሙሩን አብረዋችሁ ይመሩ ከነበሩት እናቶች ሁለቱን በዚህ ዓመት ቀብረናል። እርስዎም ያውቃሉ፣ ሁለቱም ቀብር ላይ አብረን ነበርን።

ቃሉም ቢሆን የሚያስረዳ ይፈልጋል። ባለፈው ሳምንት የልደትን መዝሙር ስናጠና አንዲት ልጅ «ኮከብ ሠረቀ» የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመች። «ጋሼ፣ ኮከብ ምን ይሰርቃል?» አለችኝ። ልጆቹ ሳቁ። እኔ ግን እርስዎ ትዝ አሉኝ። ልጅ ሳለሁ ያንኑ ጥያቄ ጠይቄዎት ነበር። በንጉሡ ሠ ሲጻፍ በግእዝ ወጣ፣ በራ ማለት እንደሆነ ነገሩኝ። ከዚያ እጄን ይዘው ወደ ደጅ አወጡኝና ሰማዩን አሳዩኝ። እኔም ለልጅቷ ትርጉሙን ነገርኋት። ደጅ ግን አላወጣኋትም።

«ድምፄ ተሰብሯል» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አምና ለአንዷ እናት እንደዚያ ሲሏት ሰምቻለሁ። እማማ፣ ድምፅ ሞልቶናል። አሥራ ዘጠኝ ልጆች አሉን፤ አንዳንዶቹ ሲዘምሩ ያስለቅሳሉ። እነሱ የሌላቸውን ነው ከእርስዎ የምንፈልገው። በሹክሹክታ ቢሉትም ይበቃናል። ቁጭ ብለው «እዚህ ላይ ተሳስታችኋል» ቢሏቸውም ትልቅ ነገር ነው።

ደግሞ በደርግ ጊዜ የነበረውን ቢነግሯቸው ደስ ይለኛል። ወጣት ቤተ ክርስቲያን ሲመላለስ በክፉ ዓይን ይታይ በነበረበት ዘመን እናንተ ሴቶቹ ቤት ዘግታችሁ፣ ከበሮው እንዳይሰማ ጭናችሁን በእጃችሁ እየመታችሁ ታጠኑ እንደነበር አንድ ቀን አጫውተውኛል። ልጆቹ ይህን አልሰሙም። መዝሙሩ በምን እንዳለፈ ቢያውቁ አያያዛቸው ይለወጣል ብዬ አምናለሁ።

ያሰብሁት እንዲህ ነው። ከወሩ ማርያም ማግስት፣ ከጥቅምት 22 ጀምሮ፣ በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ ከ8 እስከ 10 ሰዓት። እስከ ጥምቀት ዋዜማ 12 ቅዳሜ አለን። በአንድ ቅዳሜ አንድ መዝሙር ቢያዝ ይበቃል፤ 31ዱን ሁሉ ልናጣድፍ አይደለም። የትኛው ይቅደም የሚለውን የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። ባጃጅ ቤትዎ ድረስ መጥቶ ይወስድዎታል፣ ይመልስዎታል። አዳራሹ ስለሚቀዘቅዝ መደገፊያ ያለው ወንበር ፀሐይ በሚገባበት በመስኮቱ በኩል አዘጋጅተናል። ጉልበትዎን የከፋዎት ቀን ደግሞ ከፈቀዱልን ልጆቹን ይዤ እኔ ቤትዎ እመጣለሁ።

ልጆቹ በስልክ መቅዳት ይፈልጋሉ። ያለ እርስዎ ፈቃድ አንድም ድምፅ አይቀዳም። ቢፈቅዱም ለልምምድ ብቻ ይሆናል እንጂ ቲክቶክ ላይ አይወጣም። ይህን ቃል እገባልዎታለሁ።

የሰልፉንም ነገር ከአለቃችን ጋር ተነጋግሬበታለሁ። በመጪው ጥምቀት እናቶች ከፊት ናቸው። እርስዎ ልጆቹን ለማስተማር እሺ አሉም አላሉም ይህ አይቀየርም።

ያ ከበሮ መቺ ልጅ፣ እጁን አንሥቶ የቀረው፣ «እማማ ዘውዲቱ ቤት ልሂድ ወይ?» እያለ በየሳምንቱ ይጠይቀኛል። አፍሮ ነው እንጂ ቤትዎን ያውቀዋል። ከፈቀዱ ከቅዳሜው በፊት ብቻውን ልልከው አስቤያለሁ። ከበሮ አያመጣም። ጭኑን እየመታ ይማር።

መልስዎን ለትዕግሥት ይንገሯት፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ታደርስልኛለች። የሚከብድዎት ነገር ካለም ሳይደብቁ ይንገሩኝ።

በጸሎትዎ አይርሱኝ።

ልጅዎ ዳዊት
የመዝሙር ክፍል ኃላፊ