ላሟ አትጾምም፦ የአንድ ወተት ማቀነባበሪያ የዋጋ አወሳሰን፣ የቡድን ሥራ ጥያቄዎች

ለ3ኛ ዓመት የማርኬቲንግ ተማሪዎች፣ ደብረ ብርሃን። በአራት በአራት ሆናችሁ ሥሩት። ከ30 ነጥብ ይያዛል። ድርጅቱ ስሙ እንዲጠቀስ ስላልፈለገ ዝም ብለን “ድርጅቱ” እንለዋለን። ቁጥሮቹም ለትምህርት እንዲመቹ ተስተካክለዋል። ስለዚህ ማን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜያችሁን አታባክኑ፤ ስሌቱ ላይ አውሉት።

መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው።

ድርጅቱ ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ያለ አነስተኛ ማቀነባበሪያ ነው። ከጫጫ፣ ከአንጎለላና ከጠባሴ አካባቢ 310 አርቢዎች በቀን 2,400 ሊትር ወተት ይቀበላል። ለአርቢው ዓመቱን ሙሉ በሊትር 58 ብር ይከፍላል። ክረምት ከበጋ፣ ፍስክ ከጾም አይለይም። ወተቱን ፓስቸራይዝ አድርጎ በግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ያሽጋል። ለሱቆች አንዱን በ48 ብር ያስረክባል፤ ሊትሩ 96 ብር መሆኑ ነው። አብዛኛው አዲስ አበባ ይሄዳል፤ የቀረው እዚሁ ይሸጣል።

ዋጋው የተሠራው እንዲህ ነው። ለአንድ ሊትር ወተቱ 58፣ ፕላስቲኩ 9፣ መብራትና ነዳጅ 7፣ ማጓጓዣ 4፣ ደመወዝ፣ ኪራይና የመሳሰለው 8 ብር። ድምሩ 86 ይመጣል። 10 ብር ትርፍ ይጨመርበትና 96 ይሆናል። ይኸው ነው ስልቱ። ሌላ ነገር የለውም።

እስከ ጥር 2017 መጨረሻ ድረስ ግማሽ ሊትሩ 44 ብር ነበር። ያኔ ለአርቢው የሚከፈለው 52፣ ፕላስቲኩ ደግሞ 7 ብር ነበር። የምንዛሪ ተመኑ ሐምሌ 2016 ላይ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ፕላስቲኩ ተወደደ። አርቢዎቹም “ፉሩሽካውና ፋጉሎው አልቻል አለን” ብለው 6 ብር አስጨመሩ። ድርጅቱ የተጨመረበትን 8 ብር እንዳለ ገዢው ላይ ጫነው። የካቲት 1 ቀን 2017 አዲሱ ዋጋ ወጣ።

አሁን ወደ ጥያቄዎቹ።

ጥያቄ 1 (8 ነጥብ)። ገዢው የሸሸው ዋጋውን ነው?

ሥራ አስኪያጇ እንዲህ ይላሉ፦ “በጥር በቀን 2,400 ሊትር እንሸጥ ነበር። ዋጋ ከጨመርን በኋላ በየካቲትና በመጋቢት አማካዩ 1,260 ሆነ። ግማሽ ያህሉ ደንበኛ ጠፋ። ሁለተኛ ዋጋ መጨመር አይታሰብም።”

ንግግራቸው ጥሩ ይመስላል። ግን ከእጃችሁ ካለው የሽያጭ መዝገብ ጋር አስተያዩት። ከየካቲት 1 እስከ 16 ድረስ የቀን ሽያጩ በአማካይ 2,250 ሊትር ነበር። ከየካቲት 17 ጀምሮ 900 ሆነ። በ2016 ደግሞ ዋጋው ምንም ሳይነካ ከመጋቢት 2 ጀምሮ ሽያጩ ከ2,200 ወደ 1,000 ወርዶ ነበር።

ሀ) የካቲት 17 ቀን 2017 ምን ገባ? መጋቢት 2 ቀን 2016ስ? (እናንተ የደብረ ብርሃን ልጆች ናችሁ፤ ይህን ካላወቃችሁ እናቶቻችሁን ጠይቁ።)

ለ) ሥራ አስኪያጇ ያወዳደሩት ምንን ከምን ጋር ነው? ለምን ጥር ለማወዳደሪያ መጥፎ ወር እንደሆነ ከበዓላቱና ከአጽዋማቱ አቆጣጠር ተነሥታችሁ አስረዱ።

ሐ) ከየካቲት 1 እስከ 16 ያለውን ብቻ ውሰዱ። ዋጋው በስንት በመቶ ጨመረ? ሽያጩ በስንት በመቶ ቀነሰ? ሁለቱን አካፍሉና ገዢው ለዋጋ ያለውን ስሜት አስሉ። ከዚያ ራሳችሁን ተጠራጠሩ። በእነዚያ 16 ቀናት ውስጥ ከየካቲት 3 እስከ 5 ምን ነበር? ሱቆችስ ዋጋ ሊጨምር ነው ብለው በጥር መጨረሻ አስቀድመው አከማችተው ቢሆን ስሌታችሁ ምን ይሆናል?

መ) ዋጋው ገዢ አባሮ እንደሆነ በእርግጥ ለማወቅ ከድርጅቱ መዝገብ የትኛውን አንድ መረጃ ትጠይቃላችሁ? አንድ ብቻ። ለምን እሱን እንደመረጣችሁም ጻፉ። “ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል” ብላችሁ እንዳታልፉኝ።

ጥያቄ 2 (3 ነጥብ)። ስልቱ ራሱን ሲበላ

8 ብር ያልነው የደመወዝና የኪራይ ድርሻ በቀን 2,400 ሊትር ይሸጣል ተብሎ የተከፈለ ነው። በጾም 900 ሊትር ብቻ ሲሸጥ ይኸው ወጪ በሊትር ስንት ይደርሳል? በድርጅቱ ስልት መሠረት ታዲያ ዋጋው ወደ ስንት መሄድ ነበረበት? ገዢ በሌለበት ወቅት ዋጋ ጨምር የሚል ስልት ምን ጎደለው? ግማሽ ገጽ ይበቃል።

ጥያቄ 3 (7 ነጥብ)። የተረፈው ወተት

የዚህ ድርጅት ራስ ምታት እዚህ ጋ ነው። ሰው ይጾማል፤ ላሟ አትጾምም። በዐቢይ ጾም በቀን 1,500 ሊትር ይተርፋል። ድርጅቱ ግን ውል ስላለበት ሁሉንም በ58 ብር ይቀበላል። የተረፈውን ቅቤ ያወጣዋል። ለ1 ኪሎ ቅቤ 22 ሊትር ወተት ይፈጃል። ቅቤው በጾሙ መካከል 900 ብር፣ በፋሲካ ሳምንት 1,150 ብር ይሸጣል። ክሬሙ ከወጣለት ወተት አይብ ይሠራል፤ 8 ሊትር 1 ኪሎ አይብ ይሰጣል፣ ኪሎው 220 ብር ነው።

ከማስላታችሁ በፊት ሦስት ነገር ልብ በሉ። አይብም ፍስክ ነው፤ በጾም ማን ይገዛዋል? እንደ ቅቤም አይቆይም። ሁለተኛ፣ የድርጅቱ ማቀዝቀዣ ክፍል የሚይዘው 1,200 ኪሎ ቅቤ ነው። ሦስተኛ፣ ቅቤውን ነጋዴዎች የሚገዙት ያለ ስም ነው። ከእኛ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ሸኖ ስሟ ብቻ ቅቤ ይሸጣል። የእኛው ድርጅት ቅቤ ግን በላስቲክ ተጠቅልሎ ስም የለሽ ሆኖ ይሄዳል።

ሀ) አይብ ሳይቆጠር፣ ከዚያም አይብ ተቆጥሮ፣ 1 ኪሎ ቅቤ የሚያወጣውንና የሚያስገባውን አስሉ። ለሁለቱም የቅቤ ዋጋዎች ሥሩት።

ለ) ሒሳብ ሹሙ “ቅቤው ያከስረናል፣ እንተወው” ይላል። ሥራ አስኪያጇ “ወተቱን እንደሆነ ከፍለንበታል፣ ከመድፋት ይሻላል” ይላሉ። ሁለቱም በየፊናቸው ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። እንዴት? ዛሬ ጠዋት የደረሰን ወተት በተመለከተ ማን ልክ ነው? የሚቀጥለውን ዓመት ውል በተመለከተስ?

ሐ) በ55ቱ ቀን የሚወጣውን ቅቤ ሁሉ ለፋሲካ ማቆየት ይቻላል? ማቀዝቀዣ ክፍሉን አስታውሱ። ብዙ ቡድን ባለፈው ዓመት እዚህች ጋ ወድቋል።

ጥያቄ 4 (9 ነጥብ)። ሌላ ምን ማድረግ ይቻላል?

ቢያንስ ሦስት አማራጭ አቅርቡ። አንደኛው የግድ “እንዳለ ይቀጥል” መሆን አለበት። ምክንያቱም ምንም አለማድረግም ውሳኔ ነው፤ ዋጋም አለው። የቀሩትን ከታች ካሉት ሐሳቦች መምረጥ ወይም የራሳችሁን ማምጣት ትችላላችሁ። ለእያንዳንዱ ሦስት ነገር ጻፉ፦ የሚደግፈው ማስረጃ፣ የሚቃረነው ማስረጃ፣ እና “ይህ ሆኖ ካገኘነው አማራጩን እንጥለዋለን” የምትሉት አንድ ምልክት።

አንዱ ሐሳብ የወቅት ውል ነው። በፍስክ ለአርቢው ከ58 በላይ፣ በጾም ደግሞ ከ58 በታች መክፈል። ሥራ አስኪያጇ “ዋጋ ካወረድን አርቢው ይከዳናል” ይላሉ። ማስረጃቸው ይህ ነው፦ በ2017 ጾም አንድ ተፎካካሪ ዋጋውን ወደ 45 ብር አወረደ። ከፋሲካ በኋላ ወደ 64 ሰቀለ። ያኔ ከእኛ 310 አርቢዎች 70ው ወደ እሱ ሄዱ። ቆም በሉ። ይህ ታሪክ በእርግጥ የሚያሳየው የሥራ አስኪያጇን ሐሳብ ነው ወይስ ተቃራኒውን? አርቢዎቹ የሄዱት ዋጋ ወዳወረደው ሰው መሆኑን አትርሱ። ደግሞ ከአርቢው ወገን ሆናችሁ እዩት። ጾሙ የሚገባው ሣር በደረቀበት፣ ድርቆሽ በተወደደበት ወቅት ነው። ላሟ ብዙ ወጪ የምታስወጣው ገዢ ሲጠፋ ነው። 45 ብር ለእሱ ምን ማለት ነው?

ሌላው ሐሳብ ጣርማበርን ተሻግሮ መሸጥ ነው። ወደ ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬና ከሚሴ ሲወረድ ዐቢይ ጾምን የማይጾም ሙስሊም ገዢ ብዙ ነው። በ2017 ረመዳን ከየካቲት መጨረሻ እስከ መጋቢት 20 ገደማ ዘልቋል፤ ያለቀው በዐቢይ ጾም ውስጥ ነው። ለማፍጠሪያ ወተት ይፈለጋል። ድርጅቱ በዚያ ሰሞን ለሙከራ ሁለት ሳምንት ሸጦ በቀን 400 ሊትር አስወጥቷል። ደስ የሚል ቁጥር ነው። ነገር ግን ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደፊት ይቀድማል። የ2019ኙን አቆጣጠር አውጡና ሁለቱ አጽዋማት ይገናኙ እንደሆነ እዩ። ከዚያ 400ው ሊትር የአካባቢው የዘወትር ፍላጎት ነው ወይስ የዚያ ሰሞን ብቻ? ቆላ ወርዶ የሚሸጥ ወተት ማቀዝቀዣ መኪና እንደሚፈልግም ወጪው ውስጥ አስገቡት።

በጥራት መክፈልም አለ። አሁን የወፈረ ወተት ያመጣም፣ ውኃ የነካካው ወተት ያመጣም እኩል 58 ይቀበላል። በስብ መጠን ቢከፈል ከ22 ሊትር ያነሰ ወተት 1 ኪሎ ቅቤ ሊሰጥ ይችላል። ስሌቱን ለእናንተ ትቻለሁ።

ስለ ቅናሽም ልጠይቃችሁ። በጾም የታሸገውን ወተት በ40 ብር ቢሸጡት የሚጾም ሰው ይገዛዋል? ካልገዛው ቅናሹን የሚያገኘው ማን ነው? ይህን መልሱና ወደ ጥያቄ 1 ሐ ስሌታችሁ ተመለሱ። በፍስክ የለካችሁት የገዢ ስሜት በጾም ይሠራል?

ጥያቄ 5 (3 ነጥብ)። የማይነካው አማራጭ

በድርጅቱ ስብሰባ ላይ አንድ ሰው “ከሌሎቹ ማቀነባበሪያዎች ጋር ተቀምጠን ለአርቢው አንድ የጾም ዋጋ እንቁረጥ” ብሎ ነበር። ብዙዎች አጨብጭበዋል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለ ተፎካካሪዎች የዋጋ ስምምነት የሚለውን አንብቡና ለዚያ ሰው በአምስት ዓረፍተ ነገር መልስ ጻፉለት። በጨዋ ቋንቋ። ስድብ ያለበት መልስ ዜሮ ነው።

ሥራው ከስምንት ገጽ አይብለጥ። የስሌት ሠንጠረዦቻችሁን በእጅ ጽፋችሁ ብታያይዙም ይቻላል፤ እንዲያውም እመርጣለሁ፤ ማን እንዳሰላው ይታወቃል። ሁሉም የቡድን አባል ጥያቄ 4ን ቆሞ መከላከል አለበት። “ያቺን ክፍል የሠራው እሱ ነው” የሚል መልስ አልቀበልም። ማስረከቢያው የዐቢይ ጾም የመጀመሪያው ሰኞ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው።